ወደ ጤነኛው እግር የተሻገረው እብጠት

ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ጠባዩ ይበላሻል። የእኔስ ከመጀመሪያውም ደህና አልነበረም ይላሉ ቤተሰቦቼ፤ እኔ ግን ጥፋቱን በደንበኞቼ ነው የማላክከው። ዳቦ ቤት ገብቶ «ጠንከር ያለውን ስጪኝ» የሚል ሰው የለም። እኛ ጋ ግን ሰው ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ይህንኑ ይላል። ምኑን እንዳመመው፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሲጠየቅ፣ ኪሱን የፈተሽኩት ይመስል ፊቱን ያጨፈግግብኛል።

ወለምታ ያለባቸው ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ሌላው ሕመምተኛ ቢያንስ መታመሙን ያምናል። እግሩ ወለም ያለው ሰው ግን ራሱን ጤነኛ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ እግሩ ብቻ ለጊዜው አልታዘዝ ያለው ጤነኛ። ስለዚህ የሚፈልገው ሕክምና አይደለም፣ እግሩን ዝም የሚያሰኝለት ነገር ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ አስተናጋጅ እያነከሰ መጣ። ወጣት ነው፣ ደረጃ ሲወርድ እግሩ ተጠማዞበታል። ዝቅ ብዬ ቁርጭምጭሚቱን አየሁለት፤ አብጧል፣ ግን ይረግጥበታል፣ አጥንቱን ስጫነውም አልጮኸም። ከዚያ እንደ ልማዴ ጀመርኩ። ጨጓራህን ያምሃል? አስም አለብህ? ደም ግፊት? ኩላሊት? ደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ?

«ለጋብቻ ነው እንዴ የምትመረምሪኝ?» አለኝ።

«ለጋብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር» አልኩትና የሚቀባውን ጄል ሰጠሁት። ጤነኛ ሰው ነውና እብጠት የሚቀንሰውን እንክብል ቢወስድም ምንም ላይሆን ይችል ነበር። ግን እንክብል ቁርጭምጭሚት ፍለጋ መላ ሰውነትን ነው የሚዞረው፤ ጨጓራውንም ኩላሊቱንም ያዳርሳል። ጄሉ አብዛኛው እዚያው የተቀባበት ይቀራል፣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ቆዳው ያልተላጠበት ቦታ ላይ ቀባ፣ እጅህን ታጠብ፣ በላዩ ላይ ፕላስቲክ አትጠቅልል፣ በሙቅ ውሃ አትዘፍዝፈው፣ ሕመሙን ካልቻልከው ፓራሲታሞል ጨምርበት አልኩት። የጉንፋን ኪኒን የምትወስድ ከሆነ ግን ውስጡ ፓራሲታሞል ስላለ እንዳይደራረብብህ፤ መጠኑ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ግማሹን እንኳ ከያዘ ጥሩ ነው ብዬ ሸኘሁት።

ከሰዓት በኋላ የእህቴ ባል ገባ።

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ ፍሬን ነው የሚለው። መኪና ያስተምራል። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪውም በኩል ፍሬን አለው፤ እሱ ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሲረግጥ ኖሮ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳ ሰው ጠንከር ያለ ነገር ሲናገር ቀኝ እግሩን ወደ መሬት ይጫናል። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ደግ ሰው ነው። ሚስቱ ስትናገር ፍሬን መያዝ ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ያጠፋል።

«ሚጡ» አለኝ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፤ ፀጉሬ ሽበት እያበቀለም በቤታችን አሁንም ሚጡ ነኝ፣ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ። «ያንን የሚቀዘቅዘውን፣ የሚቀባውን ስጪኝ እስቲ።»

«ለማን?»

ትንሽ አመነታ። «ለእትዬሽ።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ክፍል ውስጥ ወረቀት ልትሰቅል ትንሿ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ስትወርድ እግሯ ዞረ። ባለፈው ሳምንት ነው።»

እህቴ የመዋለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። የምትወጣበት ወንበር ለአንድ ሕፃን መቀመጫ የሚበቃ ነው፤ እሷ ደግሞ ሙሉ ሰው ናት። ግን የገረመኝ መውደቋ አልነበረም።

«ባለፈው ሳምንት? እኔ ለምን አልሰማሁም?»

«አትንገራት አለችኝ። ሚጡ ነገር ታበዛለች አለች።»

 ጄሉን ከመደርደሪያው ሳወርድ፣ ለማንም እንደማደርገው፣ «እስካሁን ምን እየወሰደች ነበር?» አልኩት። እሱም ያለ ምንም ክፋት ከኮት ኪሱ ሁለት የተጋመሱ የእንክብል ማሸጊያ ቅጠሎች አውጥቶ የባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረጋልኝ። አንዱ ዳይክሎፌናክ ነው፣ ክሊኒክ የጻፈላት። ሌላው አይቡፕሮፌን፣ አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠቻት።

«ይሄኛውን ጠዋትና ማታ ነው የምትወስደው» አለኝ ጋሼ። «ይሄኛውን ደግሞ እኩለ ቀን ላይ፣ ልጆቹ ጋ ቆማ ስለምትውል። ስማቸው ስለሚለያይ ችግር የለውም ብላለች።»

ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። አንዱን መድኃኒት ደራርባ ነው የምትወስደው ማለት ነው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀጠለ።

«እውነቱን ለመናገር ሕመሙን ቀንሶላታል፤ እብጠቱ ነው እንቢ ያለው። እንዲያውም ከትናንት ወዲህ ወደ ጤነኛው እግሯ ተሻግሯል። ጄሉን ለሁለቱም እግር የሚበቃ አድርጊው።»

ክው አልኩ። «ወደ የቱ እግር?»

«ወደ ግራው። ወዳልታመመው።»

ወለምታ ከእግር ወደ እግር አይሻገርም። ያልተጎዳ እግር አብሮ ካበጠ፣ ችግሩ እግር ላይ አይደለም፤ ሰውነት ውሃና ጨው ማስወጣት አቅቶታል። ውሃና ጨው የሚያስወጣው ደግሞ ኩላሊት ነው። እህቴ ያላት ኩላሊት አንድ ብቻ ነው።

ሌላው እኔ ውስጥ ነው ያለው።

ይህን በቤታችን ማንም አይናገረውም። የእኔ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ገና ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ተመረመረ፤ የእሷ ገጠመ። ሰጠችኝ። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ እናታችን ዘመድ በተሰበሰበበት ስለ እሷ ልትናገር ብድግ ስትል፣ እትዬ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «ይሄ ወሬ ዛሬ ያበቃል» አለች። «የሰጡትን እየደጋገሙ ማውራት መልሶ መጠየቅ ነው። ሚጡ ለኔ ባለዕዳ ሆና እንድትኖር አልፈልግም።» እናታችን ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን መጥቀስ የግድ ሲሆን «ያ ጊዜ» ነው የምንለው። እኔም አመስግኛት አላውቅም፤ ልጀምር ስል በዓይኗ ትገታኛለች። በየዓመቱ የሚደረግላትን ምርመራ እንኳ፣ እዚያ ያሉት ነርሶች እያመሰገኑ አሳፈሩኝ ብላ ተወችው።

በደግነት ተለጉሞ የኖረ ቤት ነው የእኛ ቤት። እኔም ስኮራበት ኖሬአለሁ። መስታወቱ ላይ የተዘረጉትን ቅጠሎች ሳይ ግን ኩራቱ ጠፋ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የግፊት መድኃኒቷንስ?»

«እሱንማ አትረሳም።»

አለመርሳቷ አባሰው። የደም ግፊት መድኃኒቷ ራሱ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከእነዚህ እንክብሎች ጋር ሲገናኝ ግን ኩላሊት ላይ ይተባበራሉ። ጄሉን ወደ ቦታው መለስኩ። ነጭ ጋወኔን አውልቄ ለባልደረባዬ ሰጠኋትና፣ «እህቴ ጋ ልሄድ ነው» አልኳት። ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም።

የማስተማሪያዋ መኪና በር ላይ ቆማለች። ጋሼ ነዳ፣ እኔ በአስተማሪው ወንበር ተቀመጥኩ። እግሬ ሥር ፍሬኑ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲነዳ አላጣድፍም፤ ያን ቀን ግን ሲያዘግም «ንዳ እንጂ» እያልኩ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

«ጄሉ ይሻል ነበር ማለት ነው?» አለኝ መብራት ላይ ቆመን።

«ለሌላ ሰው አዎ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ለእሷ ጄሉንም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አልሰጣትም፤ ጥቂትም ቢሆን ወደ ደም ይገባል። በእንክብሉ ላይ ደርቦ መቀባትማ በዚያው ላይ መጨመር ነው።»

«ታዲያ ምን ልትወስድ ነበር?»

«ፓራሲታሞል። እግሯን ከፍ አድርጋ መቀመጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ፋሻ። ለወለምታ ሕመም ፓራሲታሞል ያን ያህል የሚያንስ ነገር የለውም።»

መብራቱ ተለቀቀና ነዳ። ቆይቶ፣ «ጠንካራ አይደለም ብላ ነው» አለ። «ፓራሲታሞልማ ለልጆች ነው አለች።» እህቴ ባትሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

እትዬን ሳሎን ውስጥ አገኘናት። ቀኝ እግሯን ትራስ ላይ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ ባለቀለም ወረቀት ከምራ፣ ለልጆቹ ትርኢት የቢራቢሮ ክንፍ በመቀስ ትቆርጣለች። ሳሎኑ መሬት ላይ ቢራቢሮ በቢራቢሮ ሆኗል። ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ባሏን አየችው። ጋሼ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

«ነገርካት» አለችው።

«ጄል እንዲገዛ ላክሽው እኮ» አልኩ እኔ። «ከእኔ ሌላ መድኃኒት የሚሸጥ ዘመድ አለው? የት ሊገዛ መስሎሽ ነው?»

መልስ ሳልጠብቅ ተንበረከክኩና ግራ እግሯን፣ ደህነኛውን፣ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ቀረ። ፊቷንም አየሁት፤ ዓይኗ ሥር አባብጧል። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷን ሰርስሮ ገብቷል።

«ምግብ እንዴት ነው?»

«አላሰኘኝም። ትንሽ ያቅለሸልሸኛል። ኪኒኑ ነው።»

«ሽንትሽስ?»

«ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው ሰው ፊት?»

«ሰው አይደለም፣ ባልሽ ነው። ንገሪኝ።»

መቀሱን አስቀመጠች። «ቀንሷል። ውሃ አልጠጣሁማ። በዚህ እግር ሽንት ቤት መመላለስ ስለሚከብደኝ ቀንሼ ነው የምጠጣው።»

ነገሩን ሁሉ አስተካክላ ለራሷ አስረድታለች። እብጠቱን በወለምታው፣ ማቅለሽለሹን በኪኒኑ፣ የሽንቱን ማነስ ባልጠጣችው ውሃ። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ያሳምናሉ። እህቴ ጅል አይደለችም፤ ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት አላት። ግን ራሷን ስታስብ ከምትዘለው አንድ ነገር በቀር ሁሉንም አስባለች።

«እትዬ» አልኳት፣ ድምፄን ለማለስለስ እየሞከርኩ፣ «እነዚህን እንክብሎች እንዴት ትወስጃለሽ? እኔ ልጠይቅሽ ስመጣ እኮ ከጠረጴዛ ላይ እያነሳሽ የምትደብቂው እነዚህኑ ነው። ሚጡ እንዳትነካቸው እያልሽ።»

«አንቺማ አይፈቀድልሽም» አለችኝ፣ በእውነት ተገርማ። «የታመምሽው አንቺ ነሽ። እኔ ጤነኛ ነኝ።»

እዚያ ላይ ነገሩ ገባኝ። አልረሳችውም። ከኦፕራሲዮኑ ስትነሳ ታማሚዋ እኔ ነበርኩ፣ ጤነኛዋ እሷ፤ እንደዚያው ሆና ኖረች። ከሁለታችን መጠንቀቅ የሚገባኝ እኔ ብቻ መሰልኳት።

«ክሊኒክ ምን ጠየቁሽ?»

«ልጁ ጨዋ ነው። ጨጓራ አለብሽ አለኝ፣ የለም። ግፊት፣ አዎ፣ መድኃኒት እየወሰድኩ ደህና ነው። ኩላሊትሽን ታመሽ ታውቂያለሽ? ታምሜ አላውቅም።»

«ቀዶ ሕክምናስ?»

መቀሱን አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ ወረቀቷን እያስተካከለች፣ «ጠየቀኝ» አለች። «የለም አልኩት። ያ የኔ ሕመም አልነበረም፤ ያንቺ ነው።»

ልጁን ምን ልበለው? የሚጠየቀውን ሁሉ ጠይቋል። እሷም በራሷ ቤት ሕግ እውነቱን ነው የነገረችው። ዕድሜ ልክ የተናደድኩባቸውን ሰዎች ሁሉ ብደምር የዚያን ሰዓት ንዴቴን አያህሉም፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ።

«ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኩ።

«ለወለምታ? የዛሬ ሳምንት ልጆቹ ያቀርባሉ፤ ይሄ ሁሉ ክንፍ አላለቀም። ካስጠላሽ ኪኒኑን አቆማለሁ፣ በቃ።»

«ማቆምማ አሁኑኑ ነው። ግን ደምሽ መታየት አለበት። እትዬ፣ አንድ ኩላሊት ነው ያለሽ።»

መቀሱ ከጭኗ ወደቀ። እንዲያ ስታየኝ አይቻት አላውቅም። «አታንሺው አላልኩም?» አለችኝ በቀስታ። «በቤቴ አታንሺው አላልኩም ነበር?»

ጋሼ ቀኝ እግሩን መሬት ላይ ተጭኖ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ እናቆም ነበር፣ ሁላችንም። ታናሽ ነኝ፤ እትዬ ስትል የሚሆነው እትዬ ያለችው ነው። እንባዬ መጣ፤ የንዴትም ነው፣ የፍርሃትም ነው፣ አልለየሁትም።

«ይሄ ኩላሊትሽ ከቆመ» አልኳት፣ «ጋሼ ሊሰጥሽ ይችላል። ልጆችሽ ሊሰጡሽ ይችላሉ። አብራሽ የምታስተምረዋ፣ ያቺ ኪኒን የሰጠችሽ፣ እሷም ትችል ይሆናል። ከዚህ ዓለም ሰው ሁሉ ልሰጥሽ የማልችል አንድ እኔ ብቻ ነኝ። አንቺ አትናገሪ አልሽ፣ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ግን ሳጣሽ ቆሜ አላይም።»

 ከዚያ ወረቀቶቹን ከጭኗ ላይ አንስታ ጎኗ አስቀመጠችና ለባሏ እጇን ዘረጋችለት። «ደግፈኝ» አለችው። ጫማዋ በሁለቱም እግሮቿ አልገባ ስላለ በነጠላ ጫማ ወጣን።

ሆስፒታል ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም ልጃችን የምታህል ሴት ናት። ቁርጭምጭሚቷን አየች፣ ደህነኛውን እግሯን ተጫነች፣ ግፊቷን ለካች፤ ከፍ ብሏል። የእንክብሎቹን ቅጠሎች ከጋሼ እጅ ተቀብላ እያገላበጠች አየቻቸው። ደምና ሽንት አስላከች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«ኩላሊትዎ በደንብ እያጣራ አይደለም» አለቻት። «እነዚህ እንክብሎች ኩላሊት ላይ እንዲህ ማድረጋቸው ይታወቃል፤ ሁለት ዓይነት መውሰድዎም አብዝቶታል። ግን በእርስዎ ዕድሜ፣ በዚህ አጭር ጊዜ፣ ይህን ያህል መውረዱ ገርሞኛል። ከዚህ በፊት የኩላሊት ችግር ነበረብዎ? ቀዶ ሕክምናስ?»

እትዬ ጣሪያውን ታያለች። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜአለሁ። መናገር እችል ነበር፤ ፋርማሲስት ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲሸፈን ዝም ማለት ሥራዬም አይደለም። እህቴ ሁለተኛ ብትዋሽ ኖሮ እናገር ነበር። ግን ከእሷ አፍ እንዲወጣ ፈለግኩ፤ ለሚቀጥለው ሐኪምም፣ እኔ በሌለሁበት ለሚመጣውም፣ ራሷ መናገር አለባት።

«አንድ ነው ያለኝ» አለች በመጨረሻ።

«ምን አንድ?»

«ኩላሊት። አንድ ኩላሊት ነው ያለኝ። ሌላውን ሰጥቻለሁ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችም። «በጣም ጥሩ፣ ይህን ማወቄ ብዙ ነገር ይለውጣል» አለችና ጻፈች። እህቴ ስትፈራው የኖረችው ውዳሴ ሳይመጣ ሲቀር ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

አስተኟት። ሁለቱም እንክብሎች ቀሩ፤ የግፊት መድኃኒቷም ኩላሊቷ እስኪያገግም በሌላ ተተካ። የምትጠጣው ውሃ ይለካል፣ የምትሸናውም ይለካል፣ ደሟ በየዕለቱ ይታያል። ለእግሯ ፓራሲታሞል ሰጧት፤ በሰዓቱ፣ በልኩ። መጀመሪያ ዓይኗን አንከባለለች፣ ቆይቶ ግን ሕመሙ እንደታገሠላት አመነች። ስለ ጄሉም ጋሼ ራሱ ጠየቀ። ሐኪሟ አሁን አይሆንም፣ ለወደፊቱም ሳይጠይቁ አይሆንም አለችው። እኔን አላየኝም፤ ግን በፍሬን እግሩ መሬቱን መታ መታ ሲያደርግ አየሁት።

ኩላሊቷ ይመለስ አይመለስ መጀመሪያ ላይ ማንም አልነገረን። ብዙውን ጊዜ እንክብሉ ሲቆም ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ለሰው ስናገረው የኖርኩትን ነገር አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ለራሴ ስናገረው ግን አላጽናናኝም። ፈርቼ ነበር። ፈርቼ የማላውቀውን ያህል ፈርቼ ነበር።

ከዚያ ሽንቷ መጨመር ጀመረ። ነርሷ ለክታ ስትነግረን ጋሼ ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ። የእግሯ እብጠት ጎደለ፤ ቀለበቷ ጣቷ ላይ መዞር ጀመረ። ወለም ያለው እግር ብቻ፣ እንደሚገባው፣ ከሌላው ወፍራም ሆኖ ቀረ።

ሆስፒታል ነውና ነርሶቹ በተቀያየሩ ቁጥር አዲሷ መጥታ እንደገና ትጠይቃለች። የሚስማማሽ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት፣ ያለብሽ ሕመም። መጀመሪያ ላይ እትዬ «አንድ ኩላሊት ነው ያለኝ» የሚለውን ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር የምትናገረው። ሁለተኛዋ ስትመጣ ወደ ነርሷ ዞረች። ኋላ ላይ ሳትጠየቅም መናገር ጀመረች፤ አንዷ ገና መጋረጃውን ስትገልጥ፣ «እብጠት የሚቀንሱትን እንክብሎች አልወስድም፣ አንድ ኩላሊት ነው ያለኝ፣ ሌላው እህቴ ጋ ነው» አለቻት፣ ስሟን እንደምትናገር።

ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለች። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አለች እትዬ።

ነርሷ ጽፋ ሄደች። እኔ ፖም እየላጥኩላት ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ በእሷ አፍ፣ ሰው ፊት፣ እሷ ናት ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ቀና ስል እያየችኝ ነው። ፊቷ ላይ አፍረት የሚመስል ነገር ነበር፤ ልጅ ሆና እንኳ አፍራ አላየኋትም።

«ሚጡ» አለችኝ። «ጠይቄሽ አላውቅም። ብጠይቅ የሰጠሁትን የምቆጣጠር ይመስልብኛል ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ደህና ነው? እየሠራ ነው?»

ወደ አልጋዋ ጠጋ አልኩ። «በደንብ እየሠራ ነው፣ እትዬ» አልኳት። «አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።»

ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች፣ እጇንም ዘርግታ ጎኔ ላይ አሳረፈችው።